«አያቴ ሞተች» ብል ማን ያምነኛል?

ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ያሳደገችኝ አያቴ ሐረር ላይ አረፈች። ማክሰኞ ኅዳር 9 ሊነጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ፣ አጎቴ ደውሎ «እምዬን ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ና» አለኝ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። የኮስት አካውንቲንግ አሳይመንት ማስረከቢያው ዓርብ ኅዳር 12 ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር፤ 15 ማርክ ይይዛል። ከአምስቱ ጥያቄ ሦስቱን ጨርሼ አራተኛውን ጀምሬ ነበር። ደብተሬን ይዤው ሄጃለሁ፤ ግን ድንኳኑ ውስጥ የንፍሮ ሳህን ተቀምጦበት ነው ያገኘሁት። የተመለስኩት ማክሰኞ ኅዳር 16 ማታ ነው። ለመምህሩ እስካሁን ምንም አልጻፍኩም። የዶርም ልጆች «አያቴ ሞተች ካልክ ይስቅብሃል፤ እናቴ ሞተች በለው» ይሉኛል። እናቴ አረብ አገር ናት፣ ደህና ናት። ግን እምዬም እናቴ ነበረች፤ ውሸት ይባላል? ለመምህሩ ልልክለት የጻፍኩትን አያይዤልሃለሁ፤ እስቲ እየው።
የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከድሬ

ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ጉዳዩ ቀን ስለማይሰጥ መልሱን በዚያው ማታ ልኬልሃለሁ። እዚህ የማወጣው አንተ ስለፈቀድክልኝና እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የጻፈልኝ አንተ ብቻ ስላልሆንክ ነው።

ከውሸቱ ልጀምር። አዎ፣ ውሸት ይባላል። «እምዬ እናቴ ነበረች» ማለት ሌላ ነው፤ «እናቴ ሞተች» ብሎ ለመምህር መጻፍ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው በሕይወት ባለች እናትህ ላይ ሟርት ነው። እሷ እዚያ በሰው አገር እናቷን ሳትቀብር ቀርታ እያለቀሰች፣ አንተ እዚህ እሷን በወረቀት ልትቀብራት ነው እንዴ? ይሄ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። ለአንተ በቂ ካልሆነ ግን ሌላም አለ።

የእኛን አገር ለቅሶ ታውቀዋለህ። አንድ ተማሪ እናቱ ሞተች ከተባለ ነገሩ በመምህሩና በተማሪው መካከል አይቀርም። መምህሩ ለክፍል ተወካዩ ይነግረዋል። ተወካዩ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይጽፋል። ማታውኑ መዋጮ ይሰበሰባል። ሐረር ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን ወጥተህ፣ ሐረማያን አልፈህ፣ ትደርሳለህ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት ልጅ ሚኒባስ ተኮናትሮ ከሰፈርህ ይወርድና «የእገሌ እናት ድንኳን የት ነው?» ብሎ ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤትህ ምን ብላ የምትመልስ ይመስልሃል? ውሸትህን የሚያጋልጠው ተጠራጣሪ መምህር አይደለም፤ ሊያጽናናህ የመጣ ጓደኛህ ነው።

የዶርም ልጆች ያሉህ ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። እኔ በዚችው ከተማ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። «አያቶች በፈተና ሰሞን ይረግፋሉ» የሚለውን ቀልድ በመምህራን ቢሮ ሰምቻለሁ፤ ስቄበታለሁም። ቀልዱ ያለው ብዙ ሰው ስለዋሸበት ነው። ነገር ግን ቀልዱ የሚመጣው «አያቴ ስለሞተች አላስገባሁም» የሚል አንዲት መስመር ብቻ ስትደርስ ነው። ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ ምን እንደሚፈለግ የለውም። አያት የሚለው ቃል አይደለም የሚያስቀው፤ ባዶነቱ ነው።

ስለዚህ አያት በል። ከጎኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርበት፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ የምትኖረው ውጭ አገር ነው።» በቃ። መምህሩ ሐዘኑ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሳምንት ሙሉ ለምን ሐረር እንደቆየህ፣ ከዚህች አንዲት መስመር ይረዳዋል። ያንተ እውነት ከጓደኞችህ ውሸት የበለጠ አሳማኝ ነው፤ በትክክል ብቻ ጻፈው።

አሁን የላክልኝን እንየው። እንዲህ ነው የሚለው።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ እንዴት ነው። መምህር በጣም በጣም ይቅርታ። በጣም ከባድ ነገር ገጥሞኝ ነው፤ ለመናገርም ይከብደኛል። በፈጠረህ አምላክ እንደ ልጅህ እየኝ። አሳይመንቱን ስላላስገባሁ የሆነ ነገር አድርግልኝ።»

አትቀየመኝ፤ አንጀት ይበላል። ግን እስቲ መምህሩን ሁንና አንብበው። አራት ሴክሽን ያስተምራል እንበል፤ በያንዳንዱ ሃምሳ ልጅ አለ። ማታ እራቱን በልቶ ስልኩን ሲከፍት ይህን ያገኛል። ማን ነው የጻፈው? የቴሌግራም ስምህ በመዝገብ ያለው ስምህ አይደለም፤ ፎቶህም የኳስ ተጫዋች ነው (አይቼዋለሁ)። የትኛው አሳይመንት ነው? ምን ገጠመው? «የሆነ ነገር» ማለት ምን ማለት ነው፤ ቀን ላራዝም? ማርክ ልስጥ? ይህን ሁሉ እሱ ሊጠይቅህ ነው፣ አንተ ልትመልስ ነው፣ ሁለት ቀን ሊያልፍ ነው። ወይም ደግሞ «ነገ አየዋለሁ» ብሎ ይዘጋውና ከሥር ሌላ ሠላሳ መልእክት ይገባል። ክፋት አይደለም፤ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጎን ልበልህ። ለእኔ «እየው» ብለህ ነው የጻፍከው፤ እኔ የድሬ ሰው ነኝ፣ አልከፋኝም። እዚህ አንቱታ ብዙ አንወድም፤ ለሽማግሌም «አንተ» እንላለን፤ ፍቅር ነው። መምህርህ ግን ከጎንደር ወይም ከደሴ የመጣ ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ በአፍ «አንተ» ብትለው እንኳ በጽሑፍ «እርስዎ» በለው። አያትህንም እንደዚያው። ቤት ውስጥ «እምዬ ሞተችብኝ» ነው የምትለው፤ ለመምህር ስትጽፍ «አያቴ አረፉ» ነው። ይሄ ለማስመሰል አይደለም። ደብዳቤ የሚጻፍበት ወግ ነው።

«በፈጠረህ አምላክ» እና «እንደ ልጅህ እየኝ» የሚሉትን አውጣቸው። ልመና መምህሩን ከባድ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ እሺ ካለ አዝኖ ያደላ ይመስላል፣ እምቢ ካለ ጨካኝ ይባላል። አንተ እኮ የምትጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ሥራውን እሠራለሁ፣ የጠፋብኝ ቀን ይመለስልኝ ነው የምትለው።

እዚህ ላይ ቀኖቹን አብረን እንቁጠር፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ተጠራህ። ማስረከቢያው ዓርብ 11 ሰዓት ነበር። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ ሊሠራባቸው ይችሉ የነበሩ አራት ቀናት ከእጅህ ወጡ። የቀረህ ሥራ አንድ ሙሉ ጥያቄና አንድ ግማሽ ነው። መልእክቱን ሐሙስ ኅዳር 18 ጠዋት ከላክ፣ አራቱን ቀን ቆጥረህ እስከ ሰኞ ኅዳር 22 መጠየቅ ትችላለህ። ከዚያ በላይ ምክንያት የለህም፤ ከዚያ በታች ደግሞ ጠይቀህ እንደገና ብታሳልፍ ሁለተኛ የሚሰማህ የለም። «የሚችሉትን ያህል ቀን ይስጡኝ» አትበል። ቀኑን ራስህ ጥራ። መምህሩ «እሺ» ወይም «አይ፣ እስከ ቅዳሜ» ማለት ብቻ ይቀረዋል።

አንድ የሚያሳፍርህ ቦታ አለ፤ ዘለኸው ለማለፍ እንደምትፈልግም ገብቶኛል። ከዓርብ እስከ ትናንት ማታ ዝም ብለሃል። እዚህ ላይ ሁለቱን ለይ። ከማክሰኞ በፊት አለመናገርህ ያንተ ጥፋት አይደለም። አላወቅክም። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም፤ «ትንሽ አሟታል» ብሎ ያመጣሃል፤ በመንገድ ብቻህን እንዳትሆን ነው። መምህሩም ይህን ያውቃል፤ እሱም አንድ ቀን «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ተጠርቶ ይሆናል። አንድ መስመር ይበቃዋል።

ከሰልስቱ በኋላ ያለው ዝምታ ግን በከፊል ያንተ ነው። ሰልስቱ ሐሙስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ስትቀበል፣ ወንበር ስትደረድር፣ ሰባቱን ስትጠብቅ እንደቆየህ አልጠራጠርም። ቢሆንም አንድ ቀን ማታ፣ ድንኳኑ ጸጥ ሲል፣ ሦስት መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። ይህን አንተ ቀድመህ በለው፦ «ቀድሜ አለማሳወቄ የእኔ ጉድለት ነው።» አንድ ጊዜ። «ስልኬ ተሰርቆ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም» አትበል። መምህሩ ቴሌግራም ላይ መቼ እንደገባህ ሊያይ ይችላል፤ ባያይም እውነት አይደለም።

ከዚያ ማስረጃው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የድንኳን ፎቶ፣ የለቅሶ ቪዲዮ፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን ፎቶ ይልካል። እባክህ አትላክ። ያልጠየቀህን ሰው ሐዘንህን ማሳየት የለብህም። መልእክቱ ላይ «ማስረጃ ካስፈለገ አቀርባለሁ» በል፤ ወረቀቱን ግን ከወዲሁ አስዘጋጅ።

የትኛውን ወረቀት? የሞት ምስክር ወረቀት ትለኝ ይሆናል። ቤተሰብህ በሕጉ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ስላለበት እሱ የትም አይቀርም። ግን ላንተ ጉዳይ ብቻውን ብዙ አይረዳም። ምክንያቱን ልንገርህ። እምዬ የእናትህ እናት ናቸው። የኛ ስም ደግሞ በአባት ነው የሚሄደው። በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የእሳቸው ስም፣ የአባታቸው ስም፣ የአያታቸው ስም ካንተ መታወቂያ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ አይገናኝም። መምህሩ አንድ የማያውቃቸው ሴት እንደሞቱ ያነባል፤ ካንተ ጋር ምን እንዳገናኛቸው አያይም። የአባትህ እናት ቢሆኑም ያው ነበር። ስምህ ላይ ያለው የባላቸው ስም እንጂ የእሳቸው አይደለም።

የሚያገናኝህ ወረቀት የእድሩ ደብዳቤ ነው። ድንኳኑን የተከሉት፣ ወንበሩን ያመጡት፣ አንተን ከሕፃንነትህ የሚያውቁህ እነሱ ናቸው። ሊቀመንበሩን ወይም ጸሐፊውን በአጎትህ በኩል አስጠይቅ። ሦስት ነገር ይኑረው፤ የሟች ሙሉ ስምና ያረፉበት ቀን፣ ቀብሩ የተፈጸመበት ቀን፣ «ተማሪ እገሌ የልጅ ልጃቸው መሆኑንና አብሯቸው ማደጉን እናረጋግጣለን» የሚል መስመር። ፊርማና ማኅተም። ስምህ በመታወቂያህ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ሰፈር ውስጥ የሚጠሩህ ስም ሌላ ከሆነ ጸሐፊው ያንን ጽፎት ቁጭ ይላል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን የሚያነቡ የሙስሊም ልጆችም አላችሁ። ለእናንተ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ነው፤ ተዕዚያውም አብዛኛውን ጊዜ 3 ቀን፤ የቀን ቆጠራው ያጥራል። ደብዳቤውን በእድሩ ፈንታ አፎቻው ሊጽፍላችሁ ይችላል።

እና መልእክቱ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። ባዶ ቦታዎቹን አንተ ሙላ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ____ እባላለሁ፤ የሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ሴክሽን ____፣ መታወቂያ ቁጥር ____።

ዓርብ ኅዳር 12 መግባት የነበረበትን የኮስት አካውንቲንግ አሳይመንት (15 ማርክ) አላስገባሁም። ማክሰኞ ኅዳር 9 አያቴ ሐረር ላይ አረፉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ የምትኖረው ውጭ አገር ነው። ሲደወልልኝ ታመዋል ነው የተባልኩት፤ ማረፋቸውን ያወቅኩት እዚያ ስደርስ ነው። የተመለስኩት ማክሰኞ ኅዳር 16 ማታ ነው። ከዚያ በፊት አለማሳወቄ የእኔ ጉድለት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከአምስቱ ጥያቄ ሦስቱን ጨርሻለሁ፤ አራተኛው ተጀምሯል። እስካሁን የሠራሁትን አያይዣለሁ። ቀሪውን እስከ ሰኞ ኅዳር 22 ከቀኑ 11 ሰዓት እንዳስገባ ይፈቅዱልኛል? ማርክ የሚቀነስ ከሆነም እቀበላለሁ። የእድር ደብዳቤ ካስፈለገ አቀርባለሁ።

አመሰግናለሁ።»

ስታነበው ደረቅ ሊመስልህ ይችላል። የንፍሮው ሳህን የለበትም። ከደብዳቤህ ሁሉ ውስጤ የቀረው እሱ ነው፤ የደብተሩ ልባስ ላይ ክብ ምልክቱን ትቶ እንደሆነ ሁሉ አስቤያለሁ። ግን እሱ ለእኔ ነው፣ ለጓደኛህ ነው፣ ለእናትህ በስልክ ነው። መምህሩ ጋ የሚሄደው መወሰን የሚያስችለው ብቻ ነው። ሐዘንህን አልቀነስኩብህም። «ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው» የሚለው መስመር ውስጥ አለ።

ስለ ማርክ መቀነስ የጻፍኩትን እንዳታወጣው። መምህሩ ኮርሱን ሲጀምር «ያረፈደ ይቀነስበታል» ብሎ ከሆነ ቃሉን ለሁሉም የሰጠው ነው። ለአንተ ሙሉውን ቢይዝልህ ደስ ይላል፤ ቢቀንስብህም ከ15 አሥራ ሁለት ዜሮ አይደለም። መውጫውን ቀድመህ ስትከፍትለት «እሺ» ለማለት ይቀለዋል።

ግማሹን ሥራ አያይዝ ያልኩህ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመጠራትህ በፊት ስትሠራ እንደነበር ያሳያል። በእጅ ከጻፍከው ገጾቹን በብርሃን አንሳቸውና በአንድ ፒዲኤፍ አድርጋቸው፤ አሥራ አንድ ፎቶ እያከታተልክ አትላክ። የፋይሉ ስም ያንተ ስምና መታወቂያ ቁጥር ይሁን። ሁለተኛው፣ ሰኞ የሆነ ነገር ቢያጋጥምህ እንኳ ሦስቱ ጥያቄ ቀድሞ እጁ ገብቷል።

ስለ አላላኩ ብዙ የምለው የለኝም። «ሰላም መምህር» ብለህ ልከህ መልስ አትጠብቅ፤ ሁሉም በአንድ መልእክት ይሂድ። ድምፅ አትላክ። የክፍሉ ግሩፕ ላይ አትጻፍ፤ እዚያ እሺ ቢልህ አርባ ዘጠኙም እሺ በለን ይለዋል። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ላክ። እስከ ማግስቱ ካልመለሰ ደግመህ አትጻፍ። በቢሮ ሰዓቱ ሂድ፣ በሩን አንኳኳ፣ «ትናንት መልእክት ልኬ ነበር» በል። ሰው ፊት ለፊት ሲያይህ ሌላ ነው፤ ፊትህ ላይ ያለውን እኔ ልጽፈው አልችልም።

እምቢ ካለህስ? ሊል ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አትከራከረው። እዚያው «ለዲፓርትመንት ኃላፊው ማመልከት እችላለሁ?» ብለህ ጠይቀው፤ ከጀርባው ሄድክ እንዳይባል። ለኃላፊው ያንኑ ጽሑፍ በወረቀት አድርገህ፣ የእድሩን ደብዳቤ ከኋላው አያይዘህ ትሰጣለህ። ይህ ውጤት ወደ ሬጅስትራር ከመላኩ በፊት መሆን አለበት። ከተላከ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ቅጽ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ኮሚቴ አለው፤ በዚያ በኩል ባትሄድ ይሻልሃል።

ይህን የምለው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። አባቱ ሞቶ ሦስት ሳምንት ቀረ፤ ሲመለስ ከኋላ መቀመጥ ጀመረ። ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ የቀረውን ሁለት ሥራ ዜሮ አድርጌ አለፍኩ። የሰማሁት ሰኔ ላይ ነው፤ ካርድ ሲወስድ አብራው የመጣችው እኅቱ ጥቁር ለብሳ ነበር። ውጤቱን ለማስለወጥ ስሞክር «ተዘግቷል» አሉኝ፤ ማን እንዳለኝ እዚህ አልናገርም። ከዚያ በኋላ ተማሪ ሁለት ቀን ከቀረብኝ እጠይቅ ነበር። ያንተ መምህር ይጠይቅ አይጠይቅ አላውቅም፤ አንተ ግን ጻፍለት።

ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል ደብዳቤውን የጻፈልኝ ልጅ የመምህሩን መልስ አስተላለፈልኝ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልኮት፣ መምህሩ የመለሰለት ከምሳ በኋላ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ነፍስ ይማር። ሰኞ 11 ሰዓት ይሁን። የላክኸውን አየሁት፤ ጥያቄ 4 ላይ ኦቨርሄዱን ያካፈልከው በሠራተኛ ሰዓት ነው፣ ጥያቄው የሚለው በማሽን ሰዓት ነው። እሱን መጀመሪያ አስተካክል።»